ውሃ ወደ ሥር ሕዋስ የሚገባበት ምክንያት፦ የውሃ ፖቴንሻል ዳሰሳ

ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት የተክል ሕዋሳት አሉ እንበል። በአንደኛው ውስጥ ያለው ብጥብጥ ወፍራም ነው፤ ስኳሩም ማዕድኑም በዝቶበታል። የሁለተኛው ቀጭን ነው። ውሃው ወዴት ይሄዳል? አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ “ወደ ወፍራሙ” ብሎ ይመልሳል። ኦስሞሲስ ማለት ውሃ ከቀጭን ብጥብጥ ወደ ወፍራም ብጥብጥ የሚያደርገው ጉዞ ነው ተብሎ ተምሯልና አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚህ መልኩ ብቻ ከቀረበ መልስ የለውም። አንድ ነገር ጎድሎታል፤ እሱም በየሕዋሱ ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ወፍራሙ ሕዋስ ውሃ ጠጥቶ ግድግዳው እስኪወጠር ከሞላ፣ ቀጭኑ ደግሞ ላላ ብሎ ከሆነ፣ ውሃው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሊሄድ ይችላል። ይህ በእያንዳንዱ ተክል ውስጥ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው።

በዚህ ዳሰሳ የማነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። ውሃ ከአፈር ወደ ሥር፣ ከሥርም ወደ ላይ የሚሄደው በብጥብጡ ውፍረት ብቻ ተመርቶ አይደለም። የሟሚውን ውጤትና የግፊቱን ውጤት ደምሮ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ ያስፈልጋል። የውሃ ፖቴንሻል የሚባለው እሱ ነው። ይህን ደምሮ ማየት የለመደ ተማሪ፣ ስለ ሥር የሚነገሩ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ብዙ ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙለት ያያል።

ዜሮው ከላይ ነው

የውሃ ፖቴንሻል በውሃው ውስጥ ያለ፣ ሥራ ሊሠራ የሚችል ኃይል መጠን ነው። ኃይሉ የሚለካው ለተወሰነ የውሃ ይዘት ስለሆነ አሃዱ ከግፊት አሃድ ጋር አንድ ይሆናል፤ በተክል ሳይንስ የሚሠራበትም ሜጋፓስካል ነው። አንድ ሜጋፓስካል አሥር ባር ወይም አሥር የከባቢ አየር ግፊት ገደማ ነው። ምልክቱ Ψ ነው።

መነሻው በስምምነት የተተከለ ነው። ምንም ያልሟሟበት ንጹሕ ውሃ፣ በተራ የከባቢ አየር ግፊት ላይ ሲሆን ፖቴንሻሉ ዜሮ ነው። ውሃው ውስጥ ስኳር ወይም ጨው ሲሟሟ የውሃው ነጻ ኃይል ይቀንሳል፤ ከዜሮ ወርዶም ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ በሕዋስና በአፈር ውስጥ የምናገኛቸው ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ የመቀነስ ምልክት አላቸው። ተማሪ በብዛት የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። −0.3 ከ −0.7 ይበልጣል፤ ውሃውም ከ −0.3 ወደ −0.7 ይሄዳል። “0.7 ይበልጣል” ብሎ የጀመረ ሰው ቀስቱን ገልብጦ ይስለዋል።

ለሕዋስ የሚያስፈልገን ቀመር አጭር ነው፦

Ψ = Ψs + Ψp

Ψs የሟሚው ፖቴንሻል ነው። ከዜሮ በላይ አይወጣም፤ ቢበዛ ዜሮ ነው። Ψp የግፊት ፖቴንሻል ነው። ሕዋሱ ሲወጠር ፖዘቲቭ፣ ሲላላ ዜሮ ይሆናል። በዛይለም ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ከላይ ስለሚሳብ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አሁን ወደ ሁለቱ ሕዋሳት እንመለስና ቁጥር እንስጣቸው። ወፍራሙ Ψs −0.8፣ Ψp 0.6 ቢኖረው ድምሩ −0.2 ነው። ቀጭኑ Ψs −0.5፣ Ψp 0.1 ቢኖረው ድምሩ −0.4 ነው። ውሃው ከ −0.2 ወደ −0.4፣ ማለትም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል። ሕጉ አልተጣሰም፤ ድሮም ሕጉ ስለ ውፍረት አልነበረም።

“ስኳር ሲገባ የውሃው ብዛት ስለሚቀንስ ነው” የሚለው የተለመደ ማብራሪያም አያጠግብም። በሊትር 0.1 ሞል ሱክሮዝ ሲሟሟ የውሃው ክምችት የሚቀንሰው በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፖቴንሻሉን የሚወስነው ደግሞ የሟሟው ነገር ስንት ቦታ ያዘ የሚለው ሳይሆን ስንት ቅንጣት አለ የሚለው ነው። ሱክሮዝ ሲሟሟ አንዱ ሞለኪውል አንድ ቅንጣት ሆኖ ይቀራል። የገበታ ጨው ግን ለሁለት ስለሚከፈል በዚያው ሞላሪቲ ከስኳር እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ውጤት አለው። ቀመሩም ይህንኑ ይናገራል፦

Ψs = −iCRT

i የቅንጣቶቹ ብዛት፣ C ሞላሪቲ፣ R 0.00831፣ T ሙቀቱ በኬልቪን ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የ0.1 ሞላር ሱክሮዝ Ψs −0.25 ሜጋፓስካል ይሆናል።

ይህ ቀመር ከሰማይ አልወረደም። ፈረንሳዊው አንሪ ዱትሮሼ በ1820ዎቹ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ወደ ወፍራም ፈሳሽ ሲገባ አጥንቶ ለክስተቱ ስም አወጣለት። በ1877 ጀርመናዊው ቪልሄልም ፌፈር ቀዳዳማ የሸክላ ዋንጫ ወስዶ፣ በግድግዳው ውስጥ ውሃ ብቻ የሚያሳልፍ ኬሚካላዊ ሽፋን አበጀ፤ ዋንጫውን በስኳር ውሃ ሞልቶም ውሃ ውስጥ ነከረው። ለ1 በመቶ ስኳር ያገኘው ግፊት 53.5 ሴንቲ ሜትር የሜርኩሪ ነበር። ይህን ተማሪ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። 1 በመቶ ማለት በሊትር 10 ግራም ነው፤ ለ342 ሲካፈል 0.029 ሞላር ይሆናል፤ በ14 ዲግሪ ሙቀት ቀመሩ 0.07 ሜጋፓስካል ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ወደ 52 ሴንቲ ሜትር የሜርኩሪ ነው። በሸክላ ዋንጫ የተገኘ ልኬትና በወረቀት የተሠራ ስሌት ይህን ያህል መቀራረባቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቀመሩን ያገኘው ግን ፌፈር አይደለም። የእሱን ቁጥሮች ተመልክቶ፣ የሟሟ ነገር እንደ ጋዝ ሕግ እንደሚታዘዝ በ1887 ያሳየው ሆላንዳዊው ፋንት ሆፍ ነው። በ1901 የመጀመሪያው የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለእሱ ነው።

የውሃ ፖቴንሻል የሚለው አገላለጽ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ መጣ። በ1960 ስላትየርና ቴይለር የተክልና የአፈር ውሃ በአንድ ቋንቋ እንዲገለጽ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በፊት የተክል ባለሙያው “የመሳብ ኃይል” ወይም “የስርጸት ግፊት ጉድለት” ይል ነበር፤ ቁጥሮቹንም በፖዘቲቭ ይጽፋቸው ነበር። የቆየ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ መጠኑ ያው ሆኖ ምልክቱ ተገልብጦ ነው የሚያገኘው።

አንድ የሥር ጸጉር

የሥር ጸጉር ራሱን የቻለ አካል አይደለም። ከሥሩ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከውጭኛው ሽፋን ሕዋሳት አንዱ ወደ አፈሩ የሚዘረጋው ክንድ ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ገደማ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ገብቶ፣ ቅንጣቶቹን እንደ ስስ ፊልም ከሸፈናቸው ውሃ ጋር ይነካካል።

ያ ፊልም ነጻ ውሃ አይደለም። የአፈሩ ቅንጣት ይዞታል፤ አፈሩ እየደረቀና ፊልሙ እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ የአፈር ውሃ ጨው ባይኖርበትም ፖቴንሻሉ ከዜሮ በታች ነው። ጥሩ ዝናብ ከዘነበና ትርፉ ውሃ ወደ ታች ከሰረገ በኋላ −0.03 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሆናል። −1.5 ሲደርስ በተለምዶ የዘላቂ መጠውለግ ነጥብ ይባላል። የአፈሩን ዓይነት እዚህ ላይ መርሳት አያስፈልግም። አሸዋማ አፈር 10 በመቶ ውሃ ይዞ ተክሉን ሊያጠጣ ሲችል፣ ዋልካ 20 በመቶ ይዞ ተክሉ ሊጠወልግበት ይችላል። ዋልካው ውሃ አላጣም፤ ያለውን ግን አይለቅም። ለሥሩ የሚቆጠረው የውሃው ብዛት ሳይሆን ፖቴንሻሉ ነው።

አሁን አንድ የሥር ጸጉር ሕዋስ እንውሰድ። አፈሩ ትንሽ ደረቅ ብሎ Ψ −0.1 ላይ ነው። በሕዋሱ መሐል ያለው ትልቁ ከረጢት፣ ቫኩዮሉ፣ በፖታሲየምና በሌሎች ማዕድናት፣ በስኳርና በአሲዶች የተሞላ ስለሆነ Ψs −0.7 ነው። በዚህች ቅጽበት ግፊቱ 0.4 ነው እንበል። የሕዋሱ Ψ −0.3 ይሆናል። አፈሩ −0.1፣ ሕዋሱ −0.3፤ ስለዚህ ውሃ ይገባል።

ሲገባ ምን ይሆናል? የሕዋሱ ግድግዳ ጠንካራ ነው፤ እንደ ልብ አይለጠጥም። ጥቂት ውሃ እንደገባ ግፊቱ ቶሎ ይጨምራል። ሕዋሱ በ2 በመቶ ያህል ብቻ ቢያብጥ ግፊቱ ከ0.4 ወደ 0.6 ሊደርስ ይችላል። ብጥብጡ በዚህች ጭማሪ የሚቀጥነው በጣም ጥቂት ስለሆነ Ψs ን −0.7 ላይ እንተወው። ድምሩ አሁን −0.1 ነው፤ ከአፈሩ ጋር እኩል። ውሃ መግባቱ ያቆማል፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆናል።

ይህችን ቅጽበት ተማሪ ቆም ብሎ እንዲያያት እፈልጋለሁ። ፍሰቱ ቆሟል፤ የሁለቱ ብጥብጦች ውፍረት ግን አልተካከለም። በውጭ ያለው የአፈር ውሃ ቀጭን ነው፤ በውስጥ ያለው እጅግ ወፍራም ነው፤ እንደዚያው ይቀራሉ። ኦስሞሲስ የሚያቆመው ብጥብጦቹ ሲመሳሰሉ ነው የሚለው አባባል ግድግዳ ላለው ሕዋስ አይሠራም። የተካከለው ፖቴንሻሉ ነው፤ ልዩነቱን የሞላው ደግሞ ግፊቱ ነው። ተክሉ ቀጥ ብሎ የሚቆመውም በዚሁ ግፊት ነው።

ውሃው ሜምብሬኑን የሚያልፍበት መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ከፊሉ በሜምብሬኑ ቅባት መሐል በቀጥታ ያልፋል። ብዙው ግን አኳፖሪን በሚባሉ የፕሮቲን ቀዳዳዎች ይሄዳል። ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ በ1992 ከቀይ የደም ሕዋስ ያገኙት ፕሮቲን ውሃ አሳላፊ መሆኑን አሳዩ፤ አግሬም በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ በተክሎች ሥር ውስጥ የዚህ ዝርያ ብዙ ፕሮቲኖች ተገኝተዋል። መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። አኳፖሪን ውሃን አይገፋም፤ አቅጣጫም አይመርጥም። አቅጣጫውን የሚወስነው የፖቴንሻል ልዩነቱ ነው፤ አኳፖሪን የሚወስነው ፍጥነቱን ነው። ውሃን የሚጎትት ፓምፕ በሕዋስ ውስጥ የለም። የሚፓምፑት ማዕድናቱ ናቸው፤ ለዚያ ሕዋሱ ጉልበት ይከፍላል፤ ውሃው ልዩነቱን ተከትሎ ይመጣል።

ከጸጉሩ እስከ ዛይለም

ሕዋሱ ሞልቶ ከቆመ ውሃ ወደ ተክሉ እንዴት ይቀጥላል? በቆዩ መጻሕፍትና ዛሬም በአንዳንድ ማስታወሻዎች ላይ የሚገኘው መልስ፣ ወደ ውስጥ በተጓዝን ቁጥር ሕዋሳቱ ከፊተኛቸው ይልቅ ወፍራም ብጥብጥ ይይዛሉ፤ ውሃውም በኦስሞሲስ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል የሚል ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ትክክል አይደለም። ቀን ላይ ውሃ በሚጓዝባቸው የሥር ሕዋሳት ውስጥ የሟሚው መጠን በዚያ ቅደም ተከተል መጨመር አያስፈልገውም። የሚለያየው ግፊቱ ነው።

ቁጥር ይዘን እንሂድ። ፀሐይ ወጥታ ቅጠሉ ውሃ እያተነነ ነው። ከቅጠሉ የሚወጣው ውሃ ከዛይለሙ ይስባል፤ የዛይለሙም ግፊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ −0.55 ሜጋፓስካል ነው እንበል። የዛይለም ውሃ በጣም ቀጭን ነው፤ Ψs −0.05 ብቻ ነው። ድምሩ −0.6 ይሆናል። የሥር ጸጉሩ Ψs −0.7 ነበር፤ ከዛይለሙ በብዙ እጥፍ ይወፍራል ማለት ነው። በውፍረት ብቻ ብንፈርድ ውሃው ከዛይለም ወደ ሥር ጸጉር ተመልሶ መውጣት ነበረበት። እንደዚያ ግን አይሆንም። አፈሩ −0.1፣ ጸጉሩ በግፊት 0.5 ሆኖ −0.2፣ ወደ መሐል የተጠጋ ሕዋስ ደግሞ በዚያው Ψs፣ በ0.35 ግፊት −0.35፣ ዛይለሙ −0.6። ቁልቁለቱ ሳይቋረጥ ይወርዳል። የውስጠኛው ሕዋስ ውሃ ሲወሰድበት ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከጎረቤቱ ይወስዳል፤ ጎረቤቱም ከጸጉሩ፣ ጸጉሩም ከአፈሩ። የሥር ጸጉሩ ከአፈሩ ጋር ሙሉ በሙሉ እኩል ሆኖ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ከውስጥ የሚመጣ መሳብ ነው።

ሁሉም ውሃ በሕዋሳቱ ውስጥ ብቻ አይሄድም። ከፊሉ በሕዋሳቱ ግድግዳ መካከል እየሰረገ ይጓዛል። በዚያ መንገድ ላይ ሜምብሬን ስለሌለ ኦስሞሲስ የለም፤ የሟሚው ልዩነት ብቻውን ውሃውን አያንቀሳቅስም፤ የሚሠራው የግፊት ልዩነት ነው። የውሃ ፖቴንሻልን ስንጠቀም ልንይዘው የሚገባ ገደብ ይህ ነው። Ψs ለፍሰት የሚቆጠረው ሟሚውን የሚያግድ ሜምብሬን ባለበት ቦታ ብቻ ነው። በግድግዳው በኩል የመጣው ውሃ ግን እንዲሁ ዛይለም አይደርስም። ኢንዶደርሚስ የሚባለው የውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ጎናቸው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ማሰሪያ አላቸው፤ በጀርመናዊው ዕፀዋት ተመራማሪ ሮበርት ካስፓሪ ስም የካስፓሪ ማሰሪያ ይባላል። እዚያ ሲደርስ ውሃውም ማዕድኑም በሜምብሬን ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሥሩ በጥቅሉ እንደ አንድ ትልቅ ሜምብሬን የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሌሊት ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ቅጠሉ ማትነኑን ሲያቆም መሳቡም ይቆማል። ሥሩ ግን ማዕድናትን ወደ ዛይለም ማስገባቱን አያቋርጥም። የካስፓሪ ማሰሪያ ወደ ኋላ እንዳይፈሱ ያግዳቸዋል፤ የዛይለሙ Ψs ወደ −0.2 ይወርዳል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ −0.03 ላይ ከሆነ ውሃ በኦስሞሲስ ይገባና በዛይለሙ ውስጥ እስከ 0.17 ሜጋፓስካል የሚደርስ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ማለዳ በበቆሎ ወይም በገብስ ቅጠል ጫፍና ጠርዝ ላይ በሥርዓት ተሰድረው የሚታዩ ጠብታዎች ከዚህ ግፊት የመጡ ናቸው። ጤዛ ከአየር ስለሚመጣ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰዋል፤ እነዚህ ግን ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ቦታ ብቻ ይቋጠራሉ። ሥሩ ውስጥ ኦስሞሲስ ብቻውን ሥራውን ሲሠራ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው።

ይህ የሥር ግፊት ዛፍ አያጠጣም። ውሃን 10 ሜትር ለማውጣት 0.1 ሜጋፓስካል ያስፈልጋል። 40 ሜትር የደረሰ ባሕር ዛፍ ለከፍታው ብቻ 0.4 ይፈልጋል፤ በመንገድ ላይ ያለው ሰበቃ ሳይቆጠር ማለት ነው። ሥራውን የሚሠራው ከላይ የሚመጣው መሳብ ነው፤ ዲክሰንና ጆሊ በ1894 ያቀረቡት ሐሳብም ይኸው ነው።

በድንች መለካት

የውሃ ፖቴንሻልን በትምህርት ቤት ለመለካት ድንች፣ ስኳርና ሚዛን ይበቃል። ክፍት ሳሕን ውስጥ ያለ የስኳር ብጥብጥ ግፊቱ ዜሮ ስለሆነ Ψ ው ከ Ψs ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ድንቹ ክብደት የማይጨምርበትንም የማይቀንስበትንም ብጥብጥ ካገኘን፣ የዚያ ብጥብጥ Ψs የድንቹ Ψ ነው።

የ0.2 ሞላር ብጥብጥ ለማዘጋጀት 68.4 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ ይሟሟና ከዚያ አንድ ሊትር እስኪሆን ይሞላል። አንድ ሊትር ውሃ ላይ 68.4 ግራም መጨመር ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑ ከአንድ ሊትር ያልፋል። እኩል የተቆረጡ የድንች ዘንጎች ተመዝነው በ0፣ በ0.2፣ በ0.4 እና በ0.6 ሞላር ብጥብጥ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣሉ፤ ሳሕኖቹም እንዳይተኑ ይከደናሉ። ከዚያ ወጥተው እንደገና ይመዘናሉ። በ0.2 ያለው 5 በመቶ ጨመረ፣ በ0.4 ያለው 6 በመቶ ቀነሰ እንበል። በሁለቱ መካከል መስመር ሲሰመር ዜሮውን የሚያቋርጠው 0.29 ሞላር አካባቢ ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ T 295 ነው። −1 × 0.29 × 0.00831 × 295 ሲሰላ −0.71 ሜጋፓስካል ይመጣል።

ልኬቱ የሚበላሽበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። አንዱ ተማሪ ዘንጉን ዳበስ አድርጎ ብቻ ሲመዝነው፣ ሌላው በወረቀት ጨምቆ ያደርቀዋል። የመጀመሪያው የላዩን ውሃ አብሮ መዘነ፤ ሁለተኛው ከሕዋሱ ውሃ ጨምቆ አወጣ። አራቱም ዘንጎች በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ መደረቅ አለባቸው። ይህ ስህተት በግራፉ ላይ ይታወቃል፤ ነጥቦቹ ወጥ የሆነ ቁልቁለት አይሠሩም፤ አንዱ ተነጥሎ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የጅምሩ ክብደት ስለሚለያይም ለውጡ በግራም ሳይሆን በመቶኛ መሰላት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የትርጓሜ ስህተት ነው። ብዙ ሪፖርት ላይ “የድንቹ Ψs −0.71 ነው” ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። አይደለም። የተለካው የድንቹ Ψ ነው፤ Ψs እና Ψp ተደምረው። ከጅምሩ ግፊት ያለው ድንች ከሆነ Ψs ው ከዚህ በታች ነው። Ψs ን ለብቻው ለማግኘት ቀይ ሽንኩርት ይሻላል። የቀዩን ልጣጭ ስስ ሽፋን በተለያየ ብጥብጥ ውስጥ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ግማሽ ያህሉ ሕዋሳት ሜምብሬናቸው ከግድግዳው መላቀቅ የሚጀምርበት ብጥብጥ ይገኛል። እዚያ ላይ ግፊቱ ዜሮ ስለሆነ Ψ እና Ψs አንድ ይሆናሉ።

እርጥብ አፈር ላይ የሚጠወልግ ተክል

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሳዲ የመስኖ ማሳዎች፣ የውሃ ፖቴንሻል ከክፍል ወጥቶ የኑሮ ጉዳይ ይሆናል። ለጥጥ የተለቀቀው መስኖ በቂ ማፍሰሻ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ አነሳው። ውሃው ወደ ገጽ ተጠግቶ ሲተን ጨውን ጥሎ ሄደ። ጨው የበላው መሬት ተጥሎ ቀርቷል።

ጨው ሥሩን እንዴት እንደሚያስቸግረው በስሌት እንይ። የአፈር ጨዋማነት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለካል፤ አንድ ዴሲሲመንስ በሜትር በግምት −0.036 ሜጋፓስካል ነው። ጥጥ እስከ 7.7 ድረስ ምርት ሳይቀንስ ይቋቋማል ይባላል፤ ይህም −0.28 ነው። ሽንኩርት ግን ከ1.2 ጀምሮ ይጎዳል። ልኬቱ የሚወሰደው በውሃ ከጠገበ አፈር ስለሆነ፣ በማሳው ላይ ውሃው ግማሽ ሲሆን ጨው በእጥፍ ይወፍራል፤ −0.28 የነበረው ወደ −0.55 ይወርዳል። ቀደም ብለን ያየነው የሥር ጸጉር −0.3 ላይ ነበር። እዚህ አፈር ውስጥ ቢቀመጥ ውሃ አያገኝም፤ ያለውንም ይለቃል። አፈሩ በእጅ ሲነካ እርጥብ ነው፤ ለሥሩ ግን ደረቅ ነው።

ተክሉ ዝም ብሎ አያይም። ማዕድን በቫኩዮሉ ውስጥ እያጠራቀመ፣ በሳይቶፕላዝሙ ደግሞ ስኳርና ፕሮሊን እየጨመረ Ψs ውን ወደ −1 ወይም ከዚያ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ውሃውም እንደገና ይገባል። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለዕድገት የሚውለው ስኳር ለዚህ ይወጣል፤ የገባው ሶዲየምና ክሎራይድም ቆይቶ ራሱ መርዝ ይሆናል።

እርጥብ አፈር ላይ የጠወለገ ሁሉ ግን ጨው ነክቶታል ማለት አይደለም። በክረምት ዋልካ ማሳ ላይ ውሃ ሲተኛ ስንዴው ይገረጣል፤ ፀሐይ ሲወጣም ሊጠወልግ ይችላል። እዚያ የአፈሩ ፖቴንሻል ዜሮ ገደማ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ልዩነት አይገኝም። የጎደለው ኦክስጅን ነው። ሥሩ መተንፈስ ሲያቅተው ሕዋሱ ውስጥ አሲድነት ይጨምራል፤ አኳፖሪኖቹም ይዘጋሉ። የፍሰቱ መጠን የፖቴንሻል ልዩነቱ በማስተላለፍ አቅሙ ሲባዛ ነው፤ አቅሙ ከወደቀ ልዩነቱ ብቻውን አያዋጣም። ፖቴንሻል ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል፤ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሄድ አይነግረንም።

ሁለቱን ለመለየት ተክሉን ነቅሎ ሥሩን ማየት ይቀድማል። ውሃ የተኛበት ሥር ይጠቁራል፤ ይለሰልሳል፤ ይሸታል። ጨው ያስቸገረው ሥር ብዙ ጊዜ አይበሰብስም፤ ቅጠሉ ግን ያንሳል፤ ይጠቁራል፤ ጠርዙም ይቃጠላል። በመደቡ አናት ላይም ነጭ ቅርፊት ይታያል። ሕክምናውም ተቃራኒ ነው። ውሃ ለተኛበት ቦይ ቀዶ ማፍሰስ ነው። ለጨው ከሰብሉ ፍላጎት በላይ ንጹሕ ውሃ ሰጥቶ ጨውን ከሥሩ በታች ማጠብ ነው፤ እሱም ታጥቦ የሚሄድበት ማፍሰሻ ሲኖረው ብቻ። ማፍሰሻ በሌለበት የሚጨመረው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ የበለጠ ያነሳዋል፤ ጨውም ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል።